የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን፦ 40 ጥያቄ ተብሎ ሳጥኖቹ 39 ይደመራሉ

ጠመኔ_12

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ለ12ኛ ክፍል የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን እየሠራሁ ነው። ፈተናው 40 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ካልኩሌተር አይፈቀድም። የትምህርት ክፍላችን በዓመታዊ ዕቅዱ ለምዕራፎቹ የመደበው ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሲኩዌንስና ሲሪየስ 22፣ ካልኩለስ 44፣ ስታትስቲክስ 20፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ 16፣ የንግድ ሒሳብ 18። ድምሩ 120 ነው።

የአስተሳሰብ ደረጃውን በሦስት ከፍለነዋል፤ ማወቅ 30%፣ መተግበር 50%፣ ማገናዘብ 20%። ከዚያ እንደተለመደው የምዕራፉን ድርሻ በደረጃው ድርሻ እያባዛሁ እያንዳንዱን ሳጥን ሞላሁ፤ ክፍልፋዩንም ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋሁ።

| ምዕራፍ | ማወቅ | መተግበር | ማገናዘብ | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ሲኩዌንስ | 2.2 → 2 | 3.67 → 4 | 1.47 → 1 | 7 |
| ካልኩለስ | 4.4 → 4 | 7.33 → 7 | 2.93 → 3 | 14 |
| ስታትስቲክስ | 2.0 → 2 | 3.33 → 3 | 1.33 → 1 | 6 |
| ሊኒየር ፕሮግራሚንግ | 1.6 → 2 | 2.67 → 3 | 1.07 → 1 | 6 |
| የንግድ ሒሳብ | 1.8 → 2 | 3.0 → 3 | 1.2 → 1 | 6 |
| ድምር | 12 | 20 | 7 | 39 |

አንድ ጥያቄ ጎደለ። የጎደለውን የት ልጨምረው? ሁለተኛው ችግር ደግሞ የአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት አንዱን ጥያቄ አንዳቸው «መተግበር» ሌላቸው «ማገናዘብ» ይሉታል። ይህንን የምታስማሙበት መንገድ ካላችሁ አካፍሉኝ።

---

ባለ_ማስመሪያ

ይሄማ ቀላል ነው ወንድሜ። ወደ ታች ካጠጋጋሃቸው ውስጥ ቅሪቱ ትልቅ የሆነውን ፈልግና አንድ ጨምርለት። ያንተ 1.47 ነው፤ የሲኩዌንስ ማገናዘብ። እሱን 2 ስታደርገው ድምሩ 40፣ የማገናዘብ ዓምድም 8 ይሆናል። 12፣ 20፣ 8፤ ልክ 30፣ 50፣ 20 በመቶ። አለቀ።

---

የረድፍ_ድምር

ባለ ማስመሪያ በዓምዱ በኩል ልክ ነዎት፤ ነገር ግን በረድፉ በኩል ይዩት። በእርስዎ አሠራር ሲኩዌንስ 8 ጥያቄ ይደርሰዋል፤ የሚገባው 7.33 ነው። ካልኩለስ 14.67 የሚገባው ሆኖ 14 ላይ ይቀራል፤ ስታትስቲክስም 6.67 ሆኖ 6 ላይ። 5.33 የሚገባው ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ደግሞ 6 ይወስዳል። 40 የሚለው ቁጥር ስለተሟላ ብቻ ሠንጠረዡ የተስተካከለ ይመስላል እንጂ ምዕራፎቹ ተዛብተዋል።

ይህ የሚመጣው አሥራ አምስት ሳጥን ለየብቻ ስለተጠጋጋ ነው። የእያንዳንዱ ሳጥን ትንሽ ስሕተት በረድፉ ላይ ይጠራቀማል። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ 1.6ም 2.67ም ወደ ላይ ሄዱ፤ ካልኩለስ ላይ 4.4ም 7.33ም ወደ ታች ወረዱ።

ስለዚህ ከዳር ይጀመር። መጀመሪያ የረድፎቹን ድምር ብቻ ያውጡ። 120 ክፍለ ጊዜ ለ40 ጥያቄ ማለት ሦስት ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። 7.33፣ 14.67፣ 6.67፣ 5.33፣ 6.00 ይመጣል። ሙሉ ቁጥሮቹን ብቻ ይያዙ፦ 7፣ 14፣ 6፣ 5፣ 6፤ ድምራቸው 38 ነው። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ቅሪታቸው ትልቅ ለሆነው ለካልኩለስና ለስታትስቲክስ ይሄዳሉ። 7፣ 15፣ 7፣ 5፣ 6። ዓምዶቹ 12፣ 20፣ 8 ናቸው። እነዚህ ስምንት ቁጥሮች ከዚህ በኋላ አይነኩም።

የውስጡን ሳጥኖች ግን በማባዛት አይሙሏቸው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ማባዛት ማለት እያንዳንዱ ምዕራፍ 30% ማወቅ፣ 50% መተግበር፣ 20% ማገናዘብ አለው ብሎ መፍረድ ነው። ምዕራፎቹ እንደዚያ አይደሉም። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ውስጥ ለብቻው ተነጥሎ የሚታወስ ነገር ትንሽ ነው፤ ሁለት የማወቅ ጥያቄ ሲጠየቁ ሁለተኛው የግድ የቃል ትርጉም ይሆናል። ስታትስቲክስ ውስጥ ግን የናሙና አወሳሰድ ዓይነቶች፣ የስርጭት መለኪያዎች ባሕርይ ሌላም ሌላም አለ፤ ሦስት የማወቅ ጥያቄ ሳይጨናነቅ ይወጣል። በተቃራኒው ካልኩሌተር በሌለበት የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስሌት ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጊዜ መብላት ነው። አንዱን እንደ 2, 4, 4, 4, 5, 5, 7, 9 ባሉ ቁጥሮች መጠየቅ ይቻላል፤ አማካዩ 5 ነው፣ የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 32፣ ለ8 ሲካፈል 4፣ ስሩ 2። ከዚያ በላይ ግን ትርጓሜው ላይ ማተኮር ይሻላል።

እኔ ብሞላው እንዲህ ይሆናል፦

| ምዕራፍ | ማወቅ | መተግበር | ማገናዘብ | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ሲኩዌንስ | 2 | 4 | 1 | 7 |
| ካልኩለስ | 4 | 8 | 3 | 15 |
| ስታትስቲክስ | 3 | 2 | 2 | 7 |
| ሊኒየር ፕሮግራሚንግ | 1 | 3 | 1 | 5 |
| የንግድ ሒሳብ | 2 | 3 | 1 | 6 |
| ድምር | 12 | 20 | 8 | 40 |

ካልኩለስን በአንድ ረድፍ አይተዉት። 15 ጥያቄ የያዘ ረድፍ ብዙ ነገር ይደብቃል፤ አሥራ አምስቱም ዴሪቫቲቭ ቢሆኑ ሠንጠረዡ ዝም ይላል። 44ቱ ክፍለ ጊዜ ለንዑስ ርዕሶቹ እንዴት እንደተከፋፈለ ካለዎት ያያይዙት።

---

ጠመኔ_12

መምህርት እናመሰግናለን። የካልኩለስ ክፍፍላችን ዴሪቫቲቭ 18፣ የዴሪቫቲቭ ትግበራ 12፣ ኢንተግራል 14 ነው።

---

የረድፍ_ድምር

ጥሩ። በሦስት ሲካፈል 6፣ 4፣ 4.67፤ ማለትም 6፣ 4፣ 5። ካልኩለስ ያገኘው 4፣ 8፣ 3 ስለሆነ ዴሪቫቲቭ 2፣ 3፣ 1 ይሁን፤ ትግበራው 0፣ 3፣ 1፤ ኢንተግራል 2፣ 2፣ 1። በዴሪቫቲቭ ትግበራ ላይ የማወቅ ሳጥን ዜሮ መሆኑ አያሳስብዎት። ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ መፈለግ በራሱ ትግበራ ነው። ባዶ ሳጥን ያለበት ሠንጠረዥ ጎደሎ አይደለም፤ ሁሉም ሳጥን ስለተሞላ ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው።

---

ተስፋ_አለኝ_2018

የኢንትራንስ የሒሳብ ብሉፕሪንት ያላችሁ ላኩልኝ እባካችሁ። ከየትኛው ምዕራፍ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ፈተና ደርሷል።

---

ሰዓት_ያዥ

ታናሼ፣ እዚህ የምናወራው ትምህርት ቤት ስለሚያዘጋጀው ማጠቃለያ ፈተና ነው። ከላይ ያለው ሠንጠረዥ የአንድ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል ውጤት ስለሆነ ሌላ ፈተና አይተነብይም። በሱ ላይ ተመሥርተህ ምዕራፍ እንዳትዘል አደራ።

---

ግስ_ፈላጊ

እኔ የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ደረጃ ብቻ ማድረግ ፈተናውን ያቀለዋል። የብሉም ደረጃዎች ስድስት ናቸው፤ በ1956 ሲወጡም ስድስት፣ በ2001 ሲሻሻሉም ስድስት። ስድስት ዓምድ ይሁን። የደረጃ ጭቅጭቁም በግስ ይፈታል፦ «ጥቀስ» ካለ ማስታወስ፣ «አስላ» ካለ መተግበር፣ «አወዳድር» ካለ መተንተን። ለእያንዳንዱ ደረጃ የግስ ዝርዝር አለ፤ ኮሚቴው ዝርዝሩን ይዞ ይቀመጥ።

---

የረድፍ_ድምር

ስድስት ዓምድ በአምስት ምዕራፍ 30 ሳጥን ነው። 40 ጥያቄ 30 ሳጥን ላይ ሲበተን አብዛኛው ሳጥን አንድ ጥያቄ ይይዛል። አንድ ጥያቄ ከመተንተን ወደ መገምገም ቢዛወር ሠንጠረዡ ይናጋል፤ ሁለት መምህራን ደግሞ በመተንተንና በመገምገም መካከል ባለው ድንበር ላይ በሒሳብ ጥያቄ እምብዛም አይስማሙም። «መፍጠር» የሚለውን በአራት ምርጫ ጥያቄ እንዴት እንደሚለኩትም ይንገሩኝ። ደቡብ አፍሪካ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተናዋን በአራት ደረጃ ነው የምትመድበው፦ ዕውቀት 20%፣ የተለመደ አሠራር 35%፣ ውስብስብ አሠራር 30%፣ ችግር ፈቺነት 15%። ያውም እያንዳንዱ ወረቀት 150 ማርክና 3 ሰዓት ኖሮት፣ ተማሪውም አሠራሩን እየጻፈ። ለ40 ምርጫ ጥያቄ ሦስት ደረጃ ይበቃል።

የግሱ ነገር ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ዓላማ ሲጻፍ ግስ ይረዳል። ጥያቄ ሲመደብ ግን ያሳስታል። ሁለት ጥያቄ ላስቀምጥ፤ ሁለቱም «ሲሆን ነው?» ብለው ያበቃሉ።

አንደኛው፦ `f(x) = x³ − 3x` ሎካል ማክሲመም የሚኖረው x ስንት ሲሆን ነው? ተማሪው `f′(x) = 3x² − 3` ብሎ ዜሮ ያደርጋል፣ 1ንና −1ን ያገኛል፣ ምልክቱን ያያል፣ −1 ይላል። ክፍል ውስጥ ደጋግሞ የሠራው መንገድ ነው። መተግበር።

ሁለተኛው፦ `f(x) = x³ + ax` ምንም ሎካል ማክሲመም ወይም ሚኒመም የሌለው a ከሚከተሉት የቱ ሲሆን ነው? ምርጫዎቹ −3፣ −1፣ −1/2፣ 2። ዴሪቫቲቩ `3x² + a` ነው፤ ከፊተኛው የቀለለ። ነገር ግን እዚህ ላይ ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግረው የለም። «ጽንፍ የለም» ማለት «ዴሪቫቲቩ ምልክት አይቀይርም» ማለት መሆኑን ራሱ ማገናኘት አለበት፤ ከዚያ a አሉታዊ ከሆነ ሁለት ስር እንደሚኖር አይቶ 2ን ይመርጣል። ማገናዘብ።

ርዕሱ አንድ፣ ግሱ አንድ፣ ስሌቱ እንዲያውም የኋለኛው ያንሳል። ልዩነቱ ተማሪው መንገዱን ይዞት መምጣቱና እዚያው መፈለጉ ላይ ነው።

---

ባለ_ማስመሪያ

ታዲያ መምህሩ ሁለተኛውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ በሌላ ቁጥር ሠርቶት ከሆነስ?

---

የረድፍ_ድምር

ያን ጊዜ መተግበር ይሆናል። ደረጃ የጥያቄው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ጥያቄውና የተሰጠው ትምህርት ሲገናኙ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን የሚመድበው ሰው የ12ኛ ክፍል መማሪያውን መልመጃዎችና የየሴክሽኑን የመልመጃ ወረቀት አጠገቡ ይዞ ይሥራ። የማገናዘብ ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሮ ከመልመጃው ውስጥ ከተገኘ ከዓምዱ ይወጣል። አራት ሴክሽን በሦስት መምህራን የሚማር ከሆነ ደግሞ ለአንዱ ክፍል ማገናዘብ የሆነው ለሌላው መተግበር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ ለማንኛውም ክፍል ያልተሠራ ጥያቄ መምረጥ ነው።

ለኮሚቴው አለመስማማት የሚሠራው ይህ ነው። ጥያቄውን የጻፈው ሰው ለየትኛው ሳጥን እንደጻፈው ስለሚያውቅ ደረጃውን እሱ አይስጥ። አርባውንም ጥያቄ ሠንጠረዡን ላላዩ ሁለት መምህራን ስጡ። ሳይነጋገሩ መጀመሪያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ይሥሩት፤ ከዚያ ከጎኑ ምዕራፉንና ደረጃውን ይጻፉ። ሳይሠሩት በዓይን ብቻ የሚመድቡ ሰዎች ረጅሙን ጥያቄ ሁሉ ማገናዘብ ነው ይላሉ። ያልተስማሙባቸውን ብቻ አውጥታችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ተማሪው የመጀመሪያውን መስመር ለመጻፍ ምን መወሰን ነበረበት?» መልሱ «ምንም፣ ቀመሩን ነው የሚያስገባው» ከሆነ መተግበር ነው። ሁለት ጊዜ ተወያይተው የማይስማሙበትን ጥያቄ ተዉትና ሌላ ጻፉ፤ እሱን ለማዳን ጊዜ አይፍጅባችሁ።

---

ግስ_ፈላጊ

የሁለቱ ጥያቄዎች ንጽጽር አሳማኝ ነው፤ ስለ ስድስቱም እስማማለሁ። ግን የማገናዘብ ጥያቄ ከሆነ ከባድ መሆን የለበትም? ከዚህ በፊት 70% ተማሪ የመለሰውን ጥያቄ «ይሄ ማገናዘብ አይደለም» ብለን እናወጣ ነበር።

---

የረድፍ_ድምር

ክብደትና ደረጃ ሁለት ነገር ናቸው። የዘጠኝ አስርዮሽ ቁጥሮች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያለ ካልኩሌተር ከባድ ነው፤ ግን መተግበር ነው። በሌላ በኩል ይህን እዩ፦ «የአንድ ክፍል ውጤት አማካይ 40፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10 ነው። ለሁሉም ተማሪ 10 ማርክ ቢጨመር ኮፊሸንት ኦፍ ቫሪዬሽኑ ስንት ይሆናል?» አማካዩ 50 ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10 ላይ ይቆያል፣ ከ25% ወደ 20% ይወርዳል። ስሌቱ በቃል ይሠራል፤ ብዙ ተማሪም ሊመልሰው ይችላል። ማገናዘብነቱ ግን አይቀርም። የተመለሰውን ጥያቄ ሁሉ ከማገናዘብ ዓምድ ካወጣችሁ ዓምዱ ውስጥ የሚቀረው የማይመለስ ጥያቄ ብቻ ይሆናል።

---

ሰዓት_ያዥ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ሰዓቱን ነው። ሠንጠረዡ ጥያቄ ይቆጥራል እንጂ ደቂቃ አይቆጥርም። ከጎኑ አንድ ዓምድ ጨምሩ።

ለማወቅ 1 ደቂቃ፣ ለመተግበር 2.5፣ ለማገናዘብ 4.5 ብንይዝ 12 + 50 + 36 = 98 ደቂቃ ነው። ከ120 ውስጥ 22 ደቂቃ ለማንበብና መልስ ለማጥቆር ይቀራል፤ ጥሩ ነው። ግን ይህ በአማካይ ነው። ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ላይ ያሉት ሦስቱ የመተግበር ጥያቄዎች በ2.5 ደቂቃ አይሠሩም። ታሪኩን ማንበብ፣ ገደቦቹን በኢንኢኳሊቲ መጻፍ፣ መስመሮቹን መሣል፣ የማዕዘን ነጥቦቹን ማውጣት፣ እያንዳንዱን አብጀክቲቭ ፈንክሽኑ ውስጥ ማስገባት፤ ቢያንስ 6 ደቂቃ። ሦስቱ 18 ደቂቃ ወሰዱ ማለት ነው፤ የተመደበላቸው 7.5 ነበር። አምስት ጥያቄ ያለው ምዕራፍ ሌላውን ሁሉ ይጎትታል፤ የመጨረሻ ገጾቹ ላይ ተማሪው ሳያነብ ያጠቁራል። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች የሚለኩት ሒሳብን አይደለም።

ደቂቃውን በግምት አትጻፉት። ጥያቄውን ያልጻፈ መምህር አሠራሩን በሙሉ እየጻፈ ይሥራው፤ የወሰደበትን ጊዜ በሦስት አባዙት። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ ግን በዓይን ከመገመት ይሻላል።

---

ጠመኔ_12

ታዲያ ለሊኒየር ፕሮግራሚንግ ምን ይደረግ? አንድ ታሪክ ሰጥቼ ሦስቱንም ጥያቄ ከሱ ባወጣስ? ንባቡ አንዴ ብቻ ይሆናል።

---

ሰዓት_ያዥ

ንባብ ይቆጥባል፤ ግን የመጀመሪያውን የሳተ ሁለቱንም ይስታል። ያኔ ሦስት ጥያቄ ሳይሆን አንድ ጥያቄ በሦስት ማርክ ነው የጠየቅከው። ይልቅ ሂደቱን ቆራርጠው። አንዱ ጥያቄ ታሪክ ሰጥቶ ትክክለኛውን የኢንኢኳሊቲ ስብስብ ብቻ ያስመርጥ። ሌላው ኢንኢኳሊቲዎቹን ሰጥቶ የማዕዘን ነጥቡን ይጠይቅ። ሦስተኛው የማዕዘን ነጥቦቹን ሰጥቶ ከፍተኛውን ዋጋ። እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 2.5 ደቂቃ።

---

ኖራና_ሰሌዳ

ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። እንዲህ ከቆራረጥከው ከታሪክ ተነስቶ እስከ መልሱ የሚሄድ ተማሪ መኖሩን በምን ታውቃለህ? የማዕዘን ነጥቡ ጥያቄ ደግሞ አራቱን ምርጫ እያስገቡ በመሞከር ይመለሳል፤ ግራፍ የሚባል ነገር ሳይነካ። የምዕራፉ ዋና ብቃት ሙሉ ሂደቱ ነው።

---

ሰዓት_ያዥ

ትክክል ነዎት፤ ይህ የምርጫ ጥያቄ ገደብ ነው። አንዱን ሙሉ ጥያቄ አድርጎ 6 ደቂቃ መስጠትና ሁለቱን አጭር ማድረግ ይቻላል። ወደ 10 ደቂቃ ይመጣል፤ ከ22ቱ ትርፍ ላይ 2.5 ብቻ ይነሳል።

የማገናዘቡ ጥያቄ ግን ተቆርጦም ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ገደቦቹ `x + y ≤ 4`፣ `x + 3y ≤ 6`፣ `x ≥ 0`፣ `y ≥ 0` ናቸው እንበል። ማዕዘኖቹ (0, 0)፣ (4, 0)፣ (3, 1)፣ (0, 2) መሆናቸውን ራሳችሁ ስጡት። ከዚያ «`Z = 3x + ky` ከፍተኛ ዋጋውን (3, 1) ላይ ብቻ የሚይዘው k ስንት ሲሆን ነው?» ምርጫዎች 2፣ 3፣ 5፣ 10። (4, 0) ላይ 12፣ (3, 1) ላይ 9 + k፣ (0, 2) ላይ 2k ነው። ስለዚህ k ከ3 መብለጥና ከ9 ማነስ አለበት፤ መልሱ 5። ምርጫዎቹንም እዩ፦ 2ን የመረጠ (4, 0)ን ትቶታል፣ 3ን የመረጠ «ብቻ» የሚለውን አላየም፣ 10ን የመረጠ (0, 2)ን ረስቷል። ከፈተና በኋላ ማን የት እንደሳተ ይነግራችኋል።

---

ኖራና_ሰሌዳ

ይሄኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። «ብቻ» የሚለውን ቃል ግን በደማቁ ጻፉት፤ አለዚያ የሚለካው የንባብ ጥንቃቄ ይሆናል።

---

ሁለት_ፈረቃ

እኔ ያለኝ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች የሚወጣ የ20 ጥያቄ ቴስት ነው። ለዚህም ሠንጠረዥ ያስፈልጋል? ሌላው ደግሞ ወለድ ወለዱን እየወለደ የሚሄድ ሒሳብ አለኝ፤ 10,000 ብር በ10% ለ3 ዓመት፣ 13,310 ብር። ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስም ነው፣ የንግድ ሒሳብም ነው። ሁለቱም ረድፍ ላይ ይቆጠር?

---

የረድፍ_ድምር

ለቴስቱ ሁለት ዓምድ ብቻ ያድርጉ፤ የተለመደና ያልተለመደ። አራት ሳጥን ይበቃል። ከዚያ በላይ ወረቀት መሙላት ነው።

ሁለት ረድፍ ላይ መቁጠር አይቻልም፤ ድምሩ ያብጣል። ተማሪው የሚሳሳተው የትኛውን ባለማወቁ ነው ብለው ይጠይቁ። ባንክ፣ ወለድና ዓመት ተጠቅሶ ቀመሩ የሚታወስ ከሆነ የንግድ ሒሳብ ነው። «የእያንዳንዱ ዓመት መጨረሻ ሒሳብ ተከታታይ ነው፤ የጋራ ንጽጽሩ ስንት ነው?» ከሆነ 1.1ን የሚያወጣው በሲኩዌንስ ዕውቀቱ ነውና እዚያ ይቆጠር። ግን አንድ ጥንቃቄ፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከሁለት በላይ ካለ የአንዱ ምዕራፍ ድርሻ ሳይታይ ይጨምራል።

---

ሰኔ_ፈታኝ

ረድፎቹን ሁሉ በዕቅዱ ላይ ነው የሠራችኋቸው። በተግባር ኢንተግራል መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ብዙ ቦታ አይጠናቀቅም። ከ14ቱ ክፍለ ጊዜ 6ቱ ብቻ ተሰጥቶ ከሆነ 5 ጥያቄ መጠየቅ ያልተማረውን መፈተን ነው። የተሰጠውን ቁጠሩ፤ ካልኩለስ 36፣ ድምሩ 112 ይሆናል። በዚያ ስሌት ካልኩለስ 12.86፣ ሲኩዌንስ 7.86፣ ስታትስቲክስ 7.14፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ 5.71፣ የንግድ ሒሳብ 6.43። በመምህርቷ መንገድ ሲጠጋጋ 13፣ 8፣ 7፣ 6፣ 6። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

---

የረድፍ_ድምር

ስሌቱ ልክ ነው። የቱ ይሻላል በሚለው ግን ከእርስዎ እለያለሁ። የተሰጠውን ብቻ ከተከተልን ኢንተግራል በየዓመቱ እየተዘለለ ሠንጠረዡ መዝለሉን ያጸድቅለታል። ተማሪው ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ካልኩለስ ይጠብቀዋል። እኔ ዕቅዱን ይዤ የተዘለለውን ክፍለ ጊዜ በማካካሻ አስጨርሳለሁ።

---

ሰኔ_ፈታኝ

ማካካሻው ካልተሰጠስ? ለጉድለቱ ተጠያቂው ተማሪው አይደለም፤ ማርኩ የሚቀነሰው ግን ከሱ ነው። ፈተናው ለብዙ ትምህርት ቤቶች የጋራ ቢሆን ዕቅዱ ይሁን እላለሁ፤ መለካት ያለበት አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ። ለአንድ ትምህርት ቤት ግን የክፍል መዝገቡ ላይ የተፈረመው ይቆጠር።

---

ኖራና_ሰሌዳ

እኔም ከሰኔ ጋር ነኝ፤ ግን የተሰጠው ክፍለ ጊዜ በየሴክሽኑ ከተለያየ ዝቅተኛው ይያዝ ወይስ አማካዩ? ይህንን ሳትወስኑ «የተሰጠው» ማለት ትርጉም የለውም።

---

ጠመኔ_12

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ረድፎቹን 7፣ 15፣ 7፣ 5፣ 6 አድርጌ ካልኩለስን በሦስት ንዑስ ረድፍ ከፈልኩት፤ የደቂቃ ዓምድም ጨመርኩ። የተዘለለ ክፍለ ጊዜ ስለመኖሩ የሦስቱን መምህራን መዝገብ አይቼ እንወስናለን፤ ይህ ገና ክፍት ነው። ጥያቄዎቹን ሠንጠረዡን ላላዩ ሁለት መምህራን ሰኞ እሰጣለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ሠንጠረዡ መሥራቱን በምን አያለሁ?

---

ሰዓት_ያዥ

የእያንዳንዱን ጥያቄ ትክክል የመለሱትን ድርሻ አውጣና በሠንጠረዡ ሳጥን ደርድረው። አራት ምርጫ ስላለው ወደ 0.25 የተጠጋው ሁሉ ግምት ሊሆን ይችላል። ስምንቱም የማገናዘብ ጥያቄዎች እዚያ አካባቢ ከሆኑ ዓምዱ ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ማንንም ከማንም አልለየም። ከዚያ በአጠቃላይ ውጤት ከላይ ያሉትን 27% እና ከታች ያሉትን 27% አወዳድር። የታችኞቹ ከላይኞቹ በላይ የመለሱት ጥያቄ ካለ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን አረጋግጥ፤ ቀጥሎ ሁለት ትክክለኛ ምርጫ እንዳለው እይ። በፈተናው ቅደም ተከተል ደግሞ ከ35 እስከ 40 ያሉትን ለብቻ ተመልከት። እነሱ ከየትኛውም ሳጥን ቢሆኑ ሁሉም አንድ ላይ ከወረዱ የጎደለው ሰዓት ነው፤ የሚቀጥለው ሠንጠረዥ ላይ የምታስተካክለውም የደቂቃውን ዓምድ ነው።